ጥያቄ 17፦ ቁጥሩ ብዥ ብሏል፣ ዳሩ ተቆርጧል፣ "ዲ" የለም። ምን ላድርግ?

ኤልሳ_ማርቆስ · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ። የፊዚክስ መምህራችን 30 ጥያቄ ያለው ወርክሺት ሰጥተው ነበር። እኔ የዛን ቀን አሞኝ ቀረሁ። ጓደኛዬ የራሷን ወረቀት በስልክ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ማታ ነው ያነሳችው፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ሌላው እንደምንም ይነበባል። 17ኛው ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ።

ጥያቄው እንግሊዝኛ ነው፣ በአማርኛ ላስቀምጠው። አንድ ኳስ ከፎቅ ጫፍ ላይ በ20 ሜትር በሰከንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወረወራል። የፎቁ ከፍታ ሃያ ምናምን ሜትር ነው። "2" በደንብ ይታያል። ከሱ ቀጥሎ ያለው 0 ይሁን 5 ይሁን 6 አይለይም፣ ጥቁር ድቡልቡል ሆኗል። ከዚያ "ኳሱ እዚህ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል" ይላል። እዚህ የቱ እንደሆነ ነው ችግሩ። እንግሊዝኛው "ቱ ሪች ዘ" ብሎ ያበቃል፣ የቀረውን የፎቶው ቀኝ ዳር በልቶታል።

ምርጫዎቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ኤ 1 ሰከንድ፣ ቢ 2 ሰከንድ፣ ሲ 4 ሰከንድ። ዲ እዛው ቀኝ ዳር ላይ ሄዳለች።

ጓደኛዬ ለተዝካር ገጠር ወርዳለች። እዛ ኔትወርክ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። የምናስረክበው ሰኞ ነው። ገምቼ ልሙላው ወይስ ባዶ ልተወው?

ቢቸና_ጤፍ · ማክሰኞ ማታ

ኤልሳ፣ ይሄማ ቀላል ነው። ዲ ነው። 25 ብለሽ ያዢው፣ መሬት እስኪደርስ አስይው፦

```
-25 = 20t - 5t²
t² - 4t - 5 = 0
(t - 5)(t + 1) = 0
t = 5
```

5 ሰከንድ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ላይ 5 የለም። የቀረችው ዲ ናት።

ደግሞ ቁጥሩ 25 ባይሆንም ግድ የለሽም። ኳሱ ወጥቶ ወደ ተወረወረበት ከፍታ ለመመለስ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ በታች ገና ፎቁን ይወርዳል። ስለዚህ ፎቁ 20 ይሁን 26፣ መልሱ ከ4 ይበልጣል። ከ4 የሚበልጥ ምርጫ ደግሞ አይታይም። ክበቢና እለፊ።

ዳንግላ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ

ፈተና ላይ ወረቀቱ ብዥ ካለ ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ። ወዲያው እጅሽን አውጥተሽ ለፈታኙ አሳዪ። እኔ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን አንዱ ገጽ ቀለሙ ሳይወጣ ነጭ ሆኖ ደርሶኝ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስናገር "እስካሁን የት ነበርክ?" ተባልኩ። ቀየሩልኝ፣ ያለፈውን ሰዓት ግን ማን ይመልስልኛል። ደግሞ ፈተና ፎቶ አይነሳም፣ ተጠንቀቂ።

ኤልሳ_ማርቆስ · ማክሰኞ ማታ

ኧረ ፈተና አይደለም ወንድሜ፣ የቤት ሥራ ነው። ለምክርህ ግን አመሰግናለሁ።

ቢቸና፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን "ሪች ዘ" የሚለው መሬት መሆኑን በምን አወቅክ?

ቢቸና_ጤፍ · ማክሰኞ ማታ

ታዲያ ሌላ የት ይደርሳል? የፎቁን ከፍታ የሰጡሽ መሬት ስለሚጠይቁሽ ነው። ባይጠይቁ ለምን ይሰጣሉ?

መምህር_ፍኖተሰላም · ረቡዕ ጠዋት

ደህና አደራችሁ። 19 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት አውጥቼም አውቃለሁ። እስኪ ቀስ ብለን እንየው።

ኤልሳ፣ ልጄ፣ ጥያቄሽ ላይ ያለው ቀዳዳ ሦስት ነው። አንድ አሃዝ ጠፍቷል፣ አንድ ቃል ጠፍቷል፣ አንድ ምርጫ ጠፍቷል። ሦስቱ እኩል አይደሉም። ከሁሉ የከፋው ቃሉ ነው። ቢቸና ምርጫውን ለመሙላት ሲሮጥ ቃሉን ዘሎታል።

ምርጫዎቹን ተመልከቱ። የተሳሳተ ምርጫ ዝም ብሎ አይወለድም። ጥያቄ አውጪ ተማሪ የት እንደሚሳሳት አስቦ ነው የሚያስቀምጠው። 2 ሰከንድ ኳሱ ጫፍ ላይ የሚደርስበት ነው። 4 ሰከንድ ወደ ተወረወረበት ከፍታ የሚመለስበት ነው። 1 ሰከንድስ? ቢቸና ከሠራው ስሌት ሁለት መልስ ይወጣል፣ 5 እና ከዜሮ በታች 1። ምልክቱን የረሳ ልጅ 1 ብሎ ይከብባል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጂ 10 ተብሎ ነው የተሠራው። በ9.8 ቢሆን ጫፉ 2.04፣ መመለሻው 4.08 ይሆን ነበር። ምርጫው ላይ ድፍን 2 እና ድፍን 4 ስላሉ "ጂን 10 ውሰዱ" የሚለው ትእዛዝ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ሳይኖር አይቀርም። ፎቶሽ ላይ ከሌለ እሱንም ጠይቂ። ሁለተኛ፣ የ1 መኖር 25ን ይደግፋል። 20 ብታደርጊው 4.83 ነው የሚወጣው፣ ሌላኛው መልስ ደግሞ ከዜሮ በታች 0.83። 26 ብታደርጊው 5.03። ሰው ለቤት ሥራ እንዲህ ያለ ቁጥር አይመርጥም።

ግን ይሄ ግምት ነው። ማየት አይደለም። ጫፉን ጠይቀው ከሆነ መልሱ ቢ ነው። የተወረወረበትን ከፍታ ጠይቀው ከሆነ ሲ ነው። መሬትን ጠይቀው ከሆነ ዲ። አንድ ቃል ሦስት መልስ ይዞ ሄዷል ማለት ነው።

እስኪ 16ኛውና 18ኛው ምን እንደሚሉ ጻፊልኝ።

ዘዋሸራ · ረቡዕ ጠዋት

ፊዚክስ አላውቅም፣ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። እኛ ዘንድም ይህ ነገር አለ። ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ነው። የሁለተኛው መጨረሻ ከራስህ ላይ ቢጠፋ የመጀመሪያው ቤት ይመራሃል። "መ" ብሎ ቤት ከመታ፣ የጠፋውም በ"መ" ነው የሚያልቀው። ልጅቱም ከቀሩት ምርጫዎች የጠፋውን ማግኘት ትችላለች እላለሁ።

መምህር_ፍኖተሰላም · ረቡዕ ጠዋት

ዘዋሸራ፣ ጥሩ አመጣህ። ግን ቤቱ የሚነግርህ የመጨረሻዋን ፊደል ነው እንጂ ቃሉን አይደለም። በ"መ" የሚያልቅ ቃል ስንት አለ? የኛም ነገር እንደዚሁ ነው። "ዲ" የምትለውን ፊደል ብናገኛት እንኳ ውስጧ ያለውን አላየንም።

ዘዋሸራ · ረቡዕ ቀትር

እሱስ ልክ ነው። ቃሉን ፈጥሬ ሞልቼ መሪጌታ በአለንጋ ያገኙኝ ቀን አለ።

ኤልሳ_ማርቆስ · ረቡዕ ማታ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 16ኛው ስለ ሌላ ነገር ነው፣ ስለ መኪና። 18ኛው ግን ይሄው፦ "በጥያቄ 17 ላይ ያለው ኳስ ከመሬት ተነስቶ ሲለካ የሚደርስበት ትልቁ ከፍታ ስንት ነው?" ምርጫዎቹ አጫጭር ስለሆኑ አራቱም ፎቶው ውስጥ ገብተዋል። 20፣ 25፣ 45፣ 65 ሜትር።

መምህር_ፍኖተሰላም · ረቡዕ ማታ

እንግዲህ እዚህ ላይ አንዱ ቀዳዳ ተደፈነ፣ ሌላው ሰፋ።

የተደፈነው ቁጥሩ ነው። ኳሱ ከተወረወረበት ቦታ ወደ ላይ የሚወጣው 20 ሜትር ነው፦

```
20² / (2 × 10) = 20
```

በዚህ ላይ የፎቁን ከፍታ ደምሪ። 25 ከሆነ 45፣ ምርጫው ላይ አለ። 20 ቢሆን 40፣ የለም። 26 ቢሆን 46፣ የለም። ስለዚህ ያ ጥቁር ድቡልቡል 5 ነው። ይሄን ያገኘነው ፎቶውን አጉልተን አይደለም፣ ከጎረቤት ጥያቄ ነው። ወርክሺት ላይ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ቁጥር ይዋዋሳሉ። ብዥ ያለ ነገር ሲገጥምሽ መጀመሪያ ከላይና ከታች ያለውን አንብቢ።

የሰፋው ቃሉ ነው። ቢቸና "ከፍታውን የሰጡት መሬት ስለሚጠይቁ ነው" ብሎ ነበር። አሁን 18ኛው ራሱ ያንን ከፍታ ይፈልገዋል። ስለዚህ 17 ጫፉን ብቻ ጠይቆ፣ 25 ሜትሩ ለ18 የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። "መጀመሪያ ጫፍ ለመድረስ ስንት ሰከንድ፣ ቀጥሎ ጫፉ ከመሬት ስንት ሜትር" ብሎ መጠየቅ በጣም የተለመደ አካሄድ ነው። እኔ ብሆን እንደዛ ነው የማወጣው።

ቢቸና_ጤፍ · ረቡዕ ማታ

መምህር፣ ያቺን 1 ሰከንድ ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት የገለጡልን። ጫፍን የሚጠይቅ ሰው 1ን ከየት ያመጣል? 1 የሚወለደው ከመሬቱ ስሌት ብቻ ነው። እኔ አሁንም ዲ ነው የምለው።

መምህር_ፍኖተሰላም · ረቡዕ ማታ

ጥሩ ክርክር ነው። ሚዛኑ ወደ መሬቱ እንደሚያደላ እኔም አምናለሁ። ግን ጥያቄ አውጪ ሰው ነው። ሦስት ምርጫ አስቦ ይጽፍና አራተኛው ሲጠፋው "1 ትሁን" ብሎ ያስቀምጣል። እኔ ራሴ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እንደዛ አድርጌያለሁ። አንተ ያለህ ማስረጃ እንጂ ቃሉ አይደለም።

ሞጣ_ፎቶኮፒ · ሐሙስ ጠዋት

ሰላም። የፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ሱቅ አለኝ። በየቀኑ ተማሪ ከስልክ "አትምልኝ" እያለ ይመጣል፣ ግማሹ የማይነበብ ነው። ስለ ስሌቱ መምህር አሉ። እኔ ስለ ፎቶው ልናገር።

እህት አለም፣ ብዥታው ምን ዓይነት ነው? ፊደሉ ጥላ ያለው ይመስል ወደ አንድ አቅጣጫ ከተደገመ እጅ ተንቀሳቅሷል። መሀሉ ጠርቶ ዳር ዳሩ ብቻ ብዥ ካለ ስልኩ ተጋድሟል ወይም ወረቀቱ ታጥፏል። ሁሉም እኩል ጭጋግ ከለበሰ ስልኩ በጣም ተጠግቷል፣ ወይ የካሜራው መስታወት ቅባት ይዟል። ፊደሉ ዙሪያ ትናንሽ ካሬ ካሬ ነገር ከታየ ደግሞ ችግሩ የማንሳት አይደለም፣ የመላክ ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኪ ያሳንሰዋል። የተላከውን ስክሪንሾት አድርጎ እንደገና መላክ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ይሄን መለየት የሚጠቅመው ምን እንደምትጠይቂ ስለሚነግርሽ ነው። ካሬ ካሬ ከሆነ ጓደኛሽ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ድጋሚ ማንሳት የለባትም። እንደ ፎቶ ሳይሆን "ፋይል" በሚለው በኩል ትላከው፣ ያኔ እንዳለ ይደርሳል። እጅ ተንቀሳቅሶ ከሆነ ግን መቶ ጊዜ ብትልከው ያው ነው።

ሌላ ነገር። "ጥራት የሚጨምር" የሚባል አፕ አለ፣ ብዥ ያለውን ያጠራል ይላሉ። ለቁጥር አትጠቀሚበት። ከጥቁር ድቡልቡል ውስጥ 5 ወይም 6 ሊያወጣ የሚችለው ፈጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታወቁ ትልልቅ ኮፒ ማሽኖች ስካን ሲያደርጉ 6ን በ8 እየተኩ ተገኝተው ነበር። ፋይሉን ለማሳነስ ተመሳሳይ የመሰለውን ምልክት በአንዱ ይተኩታል። ወረቀቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ብዥ ያለ ቁጥር ቢያንስ ብዥ ማለቱን ታያለሽ። ጥርት ያለ ስህተት ግን ማን ይጠረጥረዋል?

የቡሬዋ_እናት · ሐሙስ ቀትር

ልጆች፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። እናንተ ስለ ትልቅ ትምህርት ነው የምታወሩት፣ የኔ ልጅ 5ኛ ክፍል ናት። የክፍል ጓደኛዋ እናት ደብተሩን አንስታ ላከችልኝ። ጣቷ ጥያቄው ላይ አርፏል። የሚታየው "ከሚከተሉት ውስጥ የአባይ ገባር" ይልና ጣት፣ ከዚያ "የቱ ነው?" ይላል። ሀ. ጨሞጋ፣ ለ. ሙገር፣ ሐ. ጀማ። መ የለም። ልጄ "ጨሞጋ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ አያቴ ቤት ስንሄድ አይቼዋለሁ" ብላ ሀን ከበበች። ልክ ናት?

መምህር_ፍኖተሰላም · ሐሙስ ማታ

እትዬ፣ ልጅቱ ያለችው እውነት ነው፣ ጨሞጋ አባይ ይገባል። ግን ሙገርም ይገባል፣ ጀማም ይገባል። የሚታዩት ሦስቱም ገባር ከሆኑ አንዱን ብቻ ነጥሎ መክበብ አይቻልም። ጣቱ የሸፈነው "ያልሆነው" የሚለውን ነው ብዬ እገምታለሁ። "የአባይ ገባር ያልሆነው የቱ ነው?" ማለት ነው። መ ላይ እንደ ተከዜ ያለ፣ አባይ የማይገባ ወንዝ ይኖራል። ተከዜ በሱዳን በኩል አትባራ ሆኖ ነው ናይል የሚገባው።

"ያል" የምትባለዋን ቁራጭ ሁሌም ፈልጓት። እንግሊዝኛው ላይም "ኖት" እና "ኤክሰፕት" እንደሷ ናቸው። ስትጠፋ ጥያቄው አሁንም ሙሉ ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ኤልሳ፣ ያንቺ ጥያቄ መጉደሉ ቢያንስ ያስታውቃል።

ቢቸና_ጤፍ · ሐሙስ ማታ

ወይም መ "ሁሉም መልስ ናቸው" ሊል ይችላል። ጣቱ የሸፈነው "የሆነው" የሚለውን ቢሆንስ?

በዚያም አለ በዚህ መ ነው። መምህር፣ አሁንስ ምን ይላሉ? ፊደሏ ከተገኘች በቃ።

መምህር_ፍኖተሰላም · ሐሙስ ማታ

ለማርኩ በቃ። ልጅቱ ግን ከደብተሩ ላይ የምታነበው ነገር አላት። አንደኛው መንገድ "እነዚህ ሦስቱ አባይ ይገባሉ፣ ያኛው አይገባም" ይላታል። ሌላው "አራቱም ልክ ነው" ይላታል። እትዬ፣ ያቺን ሴትዮ ጣቷን አንስታ እንደገና ትላክልዎት። አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም።

ዳንግላ_ልጅ · ሐሙስ ማታ

ሁላችሁም ሰዓታችሁን ታባክናላችሁ። ኤልሳ፣ ጓደኛሽ ኢንተርኔት ባይኖራት ስልክ የላትም? ደውለሽ "17ን አንብቢልኝ" ማለት ነው።

ሞጣ_ፎቶኮፒ · ሐሙስ ማታ

ዳንግላ አሁን ልክ መታ። ፎቶ ለመላክ ዳታ ያስፈልጋል፣ ለኤስኤምኤስ ግን አንዲት መስመር ትበቃለች። የስልክ ድምፅ ቢቆራረጥም መልእክት ቆይቶ ይደርሳል።

ግን "17ን ላኪልኝ" እንዳትዪያት። ሁሉንም ልጻፍ ስትል ይሰለቻታል፣ ወይም ታሳጥረዋለች። የጎደለውን ብቻ ለይተሽ ጠይቂ።

መምህር_ፍኖተሰላም · ሐሙስ ማታ

እንዲህ ብለሽ ላኪላት፦ "17 ላይ 'ሪች ዘ' ከሚለው በኋላ ያለውን ቃል በፊደል በፊደሉ። የ17 ዲን። የፎቁን ከፍታ። ከመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ስለ ጂ የተጻፈ ካለ።" አራት ነገር ነው።

ቁጥሩን እኛ 25 ብለናል። እሷን ግን "25 ነው አይደል?" ብለሽ አትጠይቂያት። "አዎ" ትልሻለች፣ ሳታይ። "ስንት ነው?" ብለሽ ጠይቂ።

ኤልሳ_ማርቆስ · ዓርብ ማታ

ልኬላት ነበር፣ አሁን መለሰች። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥታ ነው፣ አሳዘነችኝ። እንዲህ ይላል፦

"ፎቁ 25። አናቱ ላይ ጂ 10 ይላል። 17 ላይ 'ሪች ዘ' ካለ በኋላ ጂ፣ አር፣ ኦ ብሎ ያልቃል፣ ወረቀቱ ራሱ ተቆርጧል። ዲ የሚለው ፊደል አለ፣ ከአጠገቡ ምንም የለም። የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ አብራኝ የመጣችው የአክስቴ ልጅም ወረቀት እንደዛው ነው።"

ስለዚህ ፎቶው ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱም ጎዶሎ ነው!

ቢቸና_ጤፍ · ዓርብ ማታ

ጂ፣ አር፣ ኦ! ግራውንድ! አላልኩም? አላልኩም ወይ?

መምህር_ፍኖተሰላም · ዓርብ ማታ

ብለሃል። ጫፍ የሚለውም ከፍታ የሚለውም በእነዚያ ሦስት ፊደላት አይጀምርም። መሬት ነው። እኔ ወደ ጫፉ ጠርጥሬ ነበር፣ አንተ አገኘኸው። 5 ሰከንድ።

ዲ ውስጥ ያለው ግን አሁንም አልታየም። 5 ሊሆን ይችላል። "መልሱ አልተሰጠም" የሚልም ሊሆን ይችላል፣ ያም ቢሆን አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ ነው የሚያስኬደው፣ 5 ሌላ ቦታ ከሌለ። የከፋው ደግሞ መምህሩ ሲሠሩ ተሳስተው ዲ ላይ 6 ጽፈው ከሆነ ነው። ያኔ ትክክለኛው መልስ ከአራቱ ውስጥ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ኤልሳ፣ ባዶ አትተዪው፣ ዲን ብቻ ከብበሽም አትሂጂ። ስሌቱን አራት መስመር አድርገሽ ጻፊ፣ ከስሩ "5 ሰከንድ" በዪ። ከጎኑ "ዲ ወረቀቱ ላይ አልታተመም፣ 5 ሰከንድ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ" ብለሽ በአንድ መስመር አስቀምጪ። አራሚው ዲ ላይ ምን እንደነበረ ያውቃል። አንቺ ያየሽውንና የገመትሽውን ለይተሽ ካሳየሽው ፍርዱ የሱ ነው።

ቢቸና_ጤፍ · ዓርብ ማታ

መምህር፣ ለማረም ግን ፊደሉን ብቻ ነው የሚያዩት። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ማን ስሌት ያነባል? ዲ ብላ ትክበብ፣ የቀረው ጌጥ ነው።

መምህር_ፍኖተሰላም · ዓርብ ማታ

ሁለቱንም ታድርግ። ክበቡም ስሌቱም አይጣሉም።

ሞጣ_ፎቶኮፒ · ቅዳሜ ጠዋት

አንድ ነገር ልጨምር። የሁሉም ወረቀት እኩል ቦታ ላይ ከተቆረጠ ጥፋቱ የተማሪ አይደለም። ዋናው ወረቀት ማሽኑ መስታወት ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል፣ ወይም ጽሑፉ እስከ ዳር ድረስ ሞልቶ ተተይቧል። ማሽን ከወረቀቱ ዳር ጥቂት ሚሊሜትር አይደርስበትም። ስለዚህ ከየትኛውም ተማሪ ፎቶ ብትለምኚ ዲን አታገኚያትም። ያለችው መምህሩ እጅ ባለው ዋና ወረቀት ላይ ነው፣ ወይም የተየበው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ።

ደግሞ ሌላ ቀኝ ዳር ላይ ረጅም መስመር ያለው ጥያቄ ካለ እሱንም እዪ። 17 ብቻ አይሆንም የተቆረጠው።

ኤልሳ_ማርቆስ · ቅዳሜ ቀትር

ወይኔ፣ እውነትህን ነው። አሁን ሄጄ አየሁ። 23ኛው ላይ ዲ "12" ይላል ብዬ ሠርቼው ነበር። ዳሩ ላይ ነው ያለው። 12 ይሁን፣ 120 ይሁን፣ 12.5 ይሁን አላውቅም። ሙሉ መስሎኝ ነበር። እኔ ያወጣሁት 12.5 ነበር፣ "ጠጋ ይላል" ብዬ ዲን ከብቤያለሁ።

መምህር_ፍኖተሰላም · ቅዳሜ ቀትር

እሱን ደምስሺና 12.5 ብለሽ ጻፊ። ዲን ክበቢ፣ ከጎኑ ያንኑ ማስታወሻ አድርጊ። "ጠጋ ይላል" ብለሽ ማለፍሽ ነበር ምልክቱ። ሌሎቹ ቁጥሮች ልክ ልካቸውን ከወጡ፣ አንዱ ብቻ "ጠጋ" የሚል ከሆነ፣ ወይ አንቺ ተሳስተሻል ወይ ወረቀቱ ተቆርጧል።

የቡሬዋ_እናት · እሑድ ከቅዳሴ በኋላ

ሴትዮዋ መልሳ ላከችልኝ። "የአባይ ገባር የሆነው የቱ ነው" ነው የሚለው። መ "ሁሉም" ይላል። መምህር፣ ተከዜ የለበትም።

ልጄ ግን አኩርፋለች። "ጨሞጋም ልክ ነው፣ ለምን ይሰረዝብኛል?" ትላለች። ምን ልበላት?

መምህር_ፍኖተሰላም · እሑድ ማታ

እትዬ፣ ተሳስቻለሁ፣ ቢቸና በልጦኛል። ለልጅቱ የምመልሰው ግን የለኝም። ጨሞጋ ልክ ነው።

ኤልሳ_ማርቆስ · ሰኞ ከሰዓት

አስረከብኩ። መምህራችን ወረቀቱን አይተው "ማን ነው እንዲህ የቆረጠው?" አሉ፣ ከዚያ ዋናውን ከመሳቢያ አወጡ። የ17 ዲ 5 ሰከንድ ነው። የ23 ዲ ግን 12.6 ነው። እኔ 12.5፣ እሳቸው 12.6። ማን እንደተሳሳተ አብረን ልንሠራው ለነገ ቀጠሩኝ።